ሥራ ሳትፈልግ ደውል፦ ለጥገና ሙያተኞች

በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ገብቶ ወጣ። ስንመለስ የምሠራበት ፋብሪካ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፓናሎቹ ተገንጥለዋል፣ ኬብሉ ተቆርጧል፣ ደመወዝ የለም። ስልኬን አውጥቼ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች ማየት ጀመርኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ለሃያ ሦስት ሰው ደወልኩ። አብዛኞቹን ካነጋገርኳቸው ሦስት አራት ዓመት አልፏል። አንዱ ሰላምታው እንዳለቀ «እሺ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሌላ ጊዜ ደውዬለት አላውቅማ።

ሥራ ያገኘሁት ከሃያ ሦስቱ አይደለም። ከወር ከምናምን በኋላ እኔ ያልደወልኩለት ሰው እሱ ራሱ ደወለልኝ። ለምን እንደደወለ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፣ ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነውና። ከዚያ በኋላ ነገሩን በሥርዓት መያዝ ጀመርኩ፤ የማደርገውን እንዳለ አስቀምጣለሁ። የኔ ሙያ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ጥገና ስለሆነ ምሳሌዬ ሁሉ ከዚያ ነው። «አንተ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ እህቶች «አንቺ» እያላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ፦ ስለ አንተ የሚባለውን አንዷን ነገር እወቅ

ሰው ስለ ሌላ ሰው ሲናገር ሲቪ አያነብም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው። «ቦይለር የሚያውቅ ልጅ አለ።» «ያ ሲጠሩት የማይመጣው።» «ጎበዝ ነው፣ ግን አፉ አያርፍም።» በቃ፣ ስምህ ይቺ ናት።

ስለዚህ አብረውህ የሠሩ ሦስት ሰዎችን ጠይቅ። ሁለቱ አሁን ካለህበት ቦታ የለቀቁ ቢሆኑ ይሻላል፤ አጠገብህ ያለ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። «ጎበዝ ነኝ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፣ ያሞግሱህና ትለያያላችሁ። «ለምን ዓይነት ብልሽት ነው እኔን የምትጠራው?» በል። ሦስቱም የተለያየ ነገር ካሉ ገና ስም የለህም ማለት ነው። ሦስቱም «እሱ እኮ ጨዋ ልጅ ነው» ካሉ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጨዋነት ማንም እንዲጠራህ አያደርግም።

የኔ ስም «መለካት የሚያውቅ» የሚል ሆኖ ተገኘ። እኔ አልመረጥኩትም፤ ከዚህ ቀጥሎ ከምነግርህ ደብተር የመጣ ነው።

ሁለተኛ፦ የብልሽት ደብተር ያዝ

አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዛ። ለያንዳንዱ አስቸጋሪ ብልሽት አንድ ገጽ ስጠው። አምስት ነገር ብቻ ጻፍበት፦ ማሽኑ ምን አሳየ፣ ምን ለካሁ፣ ስንት አነበብኩ፣ ምክንያቱ ምን ሆነ፣ ምን ሠራሁ። ተራ ብልሽት አትጻፍ። ፊውዝ ቀየርኩ እያልክ ከጻፍክ በወሩ ይሰለችሃል። በወር ሁለት ገጽ ከሞላህ ብዙ ነው።

አንዱን ገጽ ላሳይህ። በ2010 የአንድ ማሸጊያ መስመር ኮንቬየር ሞተር ከሰዓት በኋላ ይቆም ነበር። ሞተሩ 7.5 ኪሎ ዋት ነው፤ ሰሌዳው ላይ 15.5 አምፒር ይላል። ኦቨርሎዱ ይጥላል፣ እናነሳዋለን፣ ሁለት ሰዓት ይሠራል፣ እንደገና ይጥላል። የማታው ፈረቃ ኦቨርሎዱን ወደ 18 ከፍ አድርጎት አደረ። ዝም አለ እንጂ አልተፈወሰም፤ እንደዚያ ሲተው ጥቅሉ ይቃጠላል። እኔ በክላምፕ ሜትር ሦስቱንም ፌዝ ለየብቻ ለካሁ። 17፣ 16 እና 12 አምፒር። ሦስቱ መቀራረብ ነበረባቸው። ስለዚህ ጥፋቱ ጭነት አይደለም፤ አንዱ ፌዝ ላይ የሆነ ነገር እየበላው ነው። ከዚያ ማሽኑ እየሠራ የኮንታክተሩን መግቢያና መውጫ በቮልቲሜትር በየፌዙ አየሁ። ሁለቱ ላይ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ ሦስተኛው ላይ ስድስት ቮልት ይጠፋል። አጥፍተን፣ ቆልፈን ስንፈታው የዚያ ፌዝ ኮንታክት ተቃጥሎ ጠቁሯል። ኮንታክተሩ ተቀየረ፣ ኦቨርሎዱ ወደ 15.5 ተመለሰ፣ ሦስቱም ፌዝ 14 አካባቢ ሆኑ።

ሙሉውን የጻፍኩልህ በምክንያት ነው። ገጹ ሌላ ፋብሪካ ያለ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት እንዲችል ሆኖ መጻፍ አለበት። «ኮንታክተር ቀየርኩ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ለራሴም አይሆነኝም ነበር።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። የምርት ቀመር፣ የምርት መጠን፣ የደንበኛ ስም ደብተርህ ውስጥ እንዳይገባ። ብልሽቱ ያንተ እውቀት ነው፣ የቀረው የፋብሪካው ነው። ደግሞ ያንኑ በክፍሉ መዝገብ ላይም አስፍር፣ በስምህና በቀኑ። እውቀት ደብቆ «እኔ ከሌለሁ አይነሳም» የሚል ሰው ለጊዜው ይፈራል። ከዚያ ሲወጣ ግን የሚጠራው የለም፤ ምን እንደሚችል ያየ ሰው የለማ።

ሦስተኛ፦ የሰው ዝርዝር ሥራ

ከደብተሩ ጀርባ ሠላሳ ስም ጻፍ። ሦስት መቶ አይደለም። ከሠላሳ በላይ እኔ ሞክሬ አልቻልኩም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ የቅርብ ጓደኞቹን ብቻ ይጽፋል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ አለ። በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ያንን ሰው በምን ያህል ጊዜ ታዩት ነበር ብሎ ጠየቃቸው። ዘወትር የሚያዩት ሰው የነገራቸው ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነው የሰሙት። ሲያስቡት ግልጽ ነው። ጓደኛህ የሚሰማውን አንተም ሰምተኸዋል፣ አንድ ላይ ነው ቡና የምትጠጡት። ሌላ ወሬ ያለው ሌላ ቦታ የሚውለው ሰው ጋ ነው። ጥናቱ የተሠራው ቦስተን አጠገብ ነው፣ እኛ ጋ ዘመድ ከዚያ በላይ ይከብዳል። ቢሆንም ክፍት ቦታ መኖሩን መስማትና ቦታውን ማግኘት ሁለት ነገር ነው፤ ለመስማቱ ራቅ ያለ ትውውቅ እዚህም ይሠራል።

ታዲያ እነማን ይግቡ? አብረውህ የሠለጠኑ፣ ከዚህ በፊት አብረውህ የሠሩ፣ ማሽን ሊተክሉ መጥተው የሄዱ ቴክኒሻኖች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሐምሌ ሲመረቅ ሰሞን ከየቦታው የመጣ ሰው ነበር፤ የስንቱን ስልክ ሳልቀበል ቀረሁ መሰለህ።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ሰው እንዳትረሳ። አንዱ የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥመው ባለሙያ ነው። የየፋብሪካው ሞተር እሱ ጋ ይመጣል። የትኛው ቤት በወር ሦስት ሞተር እንደሚያቃጥል ያውቃል፣ ማለትም የት ጥሩ ኤሌክትሪሺያን እንደጠፋ ያውቃል። ሁለተኛው ደሴ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው ነው። ገዢው ሁሉ «ይሄን የሚገጥምልኝ ሰው ታውቃለህ?» ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። እነዚህ ሁለቱ ዘንድ ስም የሚገኘው በወሬ አይደለም። ለጠምጣሚው ሞተሩን ስታመጣ ሰሌዳውን አንብበህ፣ ለምን እንደተቃጠለ የገመትከውን ነግረኸው ስጠው። ሱቁ ጋ የምትፈልገውን ዕቃ የኮይል ቮልቴጁንና አምፒሩን ጽፈህ ሂድ፤ ሦስት ጊዜ ወስደህ ሦስት ጊዜ አትመልስ። ከሐረጎ ቁልቁለት በታች የምንኖር ሰዎች በአንድ ኮንታክተር ምክንያት ደሴ ሁለት ጊዜ መውጣት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ባለሱቁም ያውቃል፣ የሚያንገላታውን ሰው ስም ደግሞ አይረሳም።

ከየስሙ አጠገብ ሦስት ነገር ጻፍ፦ ምን እንደሚሠራ፣ መጨረሻ መቼ እንዳወራችሁ፣ ስለምን እንዳወራችሁ። ሦስተኛው ነው ቁም ነገሩ፤ ቀጥሎ የምትደውለው በዚያ ነው።

አራተኛ፦ በዓመት ሁለቴ፣ በምክንያት

ለአንድ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ሠላሳ ሰው ስልሳ ጥሪ ወይም መልእክት ነው፣ በወር አምስት። እኔ ደመወዝ በገባ ማግስት ማታ ላይ አደርገዋለሁ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ለበዓል የአበባ ምስል ለሁሉ መበተን አይቆጠርም። እኔም የሚላክልኝን አልከፍተውም። ኢድም ሆነ ገና፣ ለአንዱ በስሙ ጠርተህ ብትደውል ግን ይቆጠራል፤ እኛ አገር ደግሞ ሁለቱንም በዓል ለማሳለፍ ሰበብ አናጣም። ለቅሶና ሠርግ ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው፤ እሱ የሰውነት ጉዳይ ነው፣ በደብተር አይያዝም።

ጥሩው መልእክት ባለፈው ካወራችሁት የሚቀጥል ነው። ለአንድ አንጋፋ መካኒክ የላክሁትን ልጥቀስ፦

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ያን ጊዜ ስለ ፓምፑ የነገሩኝ ልክ ነበር። ስንፈታው ቤሪንጉ አልቆ ነው የተገኘው፣ እኛ ሞተሩን ስንጠረጥር ከረምን። ላመሰግንዎት ነው እንጂ ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዋት። ሰው ከቆየ ትውውቅ መልእክት ሲያይ «ምን ሊጠይቀኝ ነው?» ብሎ ነው የሚከፍተው። ጉዳይ እንደሌለህ ስትነግረው ያርፋል። እሳቸውም በዚያው ዕለት ደውለው ስለ ቤሪንግ አገጣጠም ሃያ ደቂቃ አስተማሩኝ፣ ሒሳቡ በሳቸው።

አሁን ያ ሰው ለምን እንደደወለልኝ ልንገርህ። በ2011 አብሮኝ የሠለጠነ፣ ሌላ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ ሞተር እየጣለበት አስቸገረው። ምልክቱን ሲነግረኝ የኔኑ ገጽ መሰለኝ። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። «መጀመሪያ ሦስቱን ፌዝ ለካ፣ እኩል ከሆኑ የኔ ገጽ አይሠራልህም፣ ጭነቱን እይ» አልኩት። ለካ፣ አልተቀራረቡም። የሱ ጥፋት ኮንታክተር ሳይሆን ተርሚናል ላይ የላላ ብሎን ሆኖ ተገኘ፣ ግን መንገዱ አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ አውርተናል፣ ስለ ሥራ ፍለጋ ግን አንድም ቀን አላነሳንም። በ2014 የሱ ፋብሪካ ቀድሞ ሲነሳ የተቆራረጠውን ፓናል የሚያስተካክል ሰው ጠፋ። አለቃው «ማን አለ?» ሲለው «መለካት የሚያውቅ ሰው አለ» አለ። ፈተናውን እኔው ተፈተንኩ፣ የሙያ ብቃት ወረቀቴንም አዩ። እሱ የከፈተልኝ በሩን ብቻ ነው። ያቺ የላክሁት ገጽ ሦስት ዓመት ቆይታ ነው የመለሰችልኝ።

አምስተኛ፦ ከታችህ ያለውን አትናቅ

የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ለልምምድ ይመጣሉ። አብዛኛው ቤት ቡና ያስልካቸዋል፣ ወይ ጥግ ይዘው ስልክ ሲነካኩ ይውላሉ። አንዱን ወስደህ በሳምንት አንድ ብልሽት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየው። መለኪያውን እሱ ይያዝ፣ አንተ ቁም። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ልጅ አንድ ቦታ ኢንጂነር ሆኖ ቴክኒሻን የሚመርጠው እሱ ነው። በጓደኛዬ ላይ ደርሷል፤ «አንተ» ሲለው የነበረ ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አገኘው። አብሽር፣ ልጁ ደህና ሰው ነበር።

ስድስተኛ፦ ሰው ስታስገባ

ስምህ በአንድ ቀን የሚጎዳው እዚህ ነው። እኔ አንድ ዘመዴን «ጎበዝ ነው» ብዬ አስገባሁ፣ ሲሠራ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። እናቱ ለምናኝ ነው። በሦስተኛው ሳምንት መስመሩን ሳይቆልፍ ፓናል ከፍቶ ተገኘ፣ እግዜር አተረፈው። አለቃዬ ምንም አላለኝም። ለአንድ ዓመት ያህል ግን ስለ ማንም ሰው ሐሳብ አልጠየቀኝም።

አሁን የምለው ያየሁትን ብቻ ነው። «ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ ሽቦ ዝርጋታው ንጹሕ ነው፣ ፒኤልሲ ላይ ግን አላየሁትም።» ድክመቱን ስትጨምር ጥንካሬውን ያምኑሃል። ላላየሁት ዘመድ ደግሞ «ማስታወቂያ ሲወጣ እነግርሃለሁ፣ ማመልከቻህንም አብረን እናያለን፣ ስለ ሥራህ ግን ያላየሁትን አልናገርም» እላለሁ። ለጊዜው ይቀየሙሃል። ቻለው።

ሰባተኛ፦ ስትለቅ

አዲስ ሥራ ስታገኝ የዱሮውን ቤት እንዴት እንደለቀቅክ ከሠራኸው ሁሉ በላይ ይወራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ሠላሳውን ቀን ሥራበት። በእጅህ ያሉትን ፓናሎች ስም ለጥፍባቸው፣ የቀየርከውን ሽቦ በሥዕሉ ላይ አስተካክል፣ የተደጋጋሚ ብልሽቶችህን ገጾች ኮፒ አድርገህ ለሚተካህ ስጥ። ከወጣህም በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲደውሉልህ አንሳ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤህን ደግሞ እስክትለቅ አትጠብቅ። ያው አዋጅ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት አሠሪው እንዲሰጠው ያዛል። በየሁለት ዓመቱ አንድ አውጣ፣ ፎቶውንም ኢሜይልህ ላይ አስቀምጥ። ከጦርነቱ በኋላ የኛ ፋይል ሲበተን ኮፒ የያዘና ያልያዘ ሰው ልዩነቱ በዓይን ይታይ ነበር።

ሥራ በእውነት ሲያስፈልግህ

ያን ጊዜ ለሁሉም አትደውል። ከሠላሳው ባለፈው አንድ ዓመት ያወራሃቸውን ስምንት ምረጥ። «ሥራ አስገባኝ» አትበል፤ ሰውየው ሥልጣን ከሌለው ያፍራል፣ ስልክህንም መሸሽ ይጀምራል። «እናንተ ጋ ወይ አካባቢያችሁ ኤሌክትሪክ ጥገና የሚፈልግ ቤት ሰምተሃል? ከሰማህ ማንን ባነጋግር ይሻላል?» በል። ይህን ማንም መመለስ ይችላል። ስም ከሰጠህ ሄደህ አነጋግርና ተሳካም አልተሳካም በሳምንቱ ለሰጠህ ሰው ንገረው። ይህን የሚያደርግ ሰው ትንሽ ነው፤ ብዙው ስሙን ተቀብሎ ይጠፋል።

የማይሠራበት ቦታም አለ። የመንግሥት ቅጥር በማስታወቂያና በፈተና ከሆነ ማንንም ብታውቅ ቀኑን ከመስማት ያለፈ ጥቅም የለውም፣ ከዚያ ያለፈ ከሆነም ሌላ ስም ነው ያለው። ከተማው በሙሉ ሲቆም ደግሞ ሠላሳውም ሰው እንዳንተው ቤቱ ተቀምጧል። ለዚህ ስል አምስት ስሞቼ ከወሎ ውጭ ናቸው፤ ሁለቱ አዳማ፣ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ ሁለቱ አዲስ አበባ።

መያዙን በምን ታውቃለህ? በመጀመሪያው ዓመት በምንም። በሁለተኛው ላይ እኔ ሳልደውል ሰዎች ብልሽት ሊጠይቁኝ ይደውሉ ጀመር። በሦስተኛው የማላውቀው ቁጥር ደወለና «ስልክህን ጠምጣሚው ነው የሰጠኝ» አለኝ። የዱቄት ፋብሪካ ሰው ነበር፣ ሞተር እየጣለበት። ሦስቱን ፌዝ ለካ አልኩት።